ይቅርታ የጠየቀችው አክስቴ ናት

እንግሊዝ አገር የምታከምበት ሆስፒታል በደብዳቤ ይቅርታ ጠየቀኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ለምን እንደተናደድኩ እነግራችኋለሁ።

ሳል አልለቅ ሲለኝ የደረት ራጅ ተነሳሁ። ራጁን ያነበበው ሐኪም «የቀኝ ሳንባ የላይኛው ክፍል ላይ ጥላ ይታያል፤ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል አክታ ይመርመር» ብሎ ጽፏል። ሪፖርቱ የተላከው ግን ሥራ ለለቀቀ ሐኪም ነው። የከፈተው የለም። ካልደወሉልኝ ደህና ነኝ ማለት ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ክብደቴ ቀንሶ፣ ሌሊት በላብ እየተጠመቅኩ ድንገተኛ ክፍል ስገባ ነው የድሮው ራጅ የተገኘው።

መጀመሪያ ስፔሻሊስቷ ባለቤቴ ባለችበት አስቀምጣ ነገረችኝ። ደብዳቤው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አሠራራቸው ነው፤ በቃል ይነገራል፣ ከዚያ በጽሑፍ ይከተላል። ሁለተኛው መስመር ላይ «ራጅዎ በጊዜው ባለመታየቱ ይቅርታ እንጠይቃለን» ይላል። «ተጎድተው ከሆነ»፣ «ቅር ብሎዎት ከሆነ» የሚል ማሽሞንሞን የለም። ከዚያ ታሪኩን በቀን በቀኑ ያስቀምጣል። ማርች 4 ራጅ ተነሱ። ማርች 6 ሪፖርቱ ተጻፈ። ከዚያ እስከ ኦገስት 19 ድረስ ማንም አላየውም።

ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ነው የገረመኝ። «መዘግየቱ ሳንባዎን ይበልጥ ጎድቶት ሊሆን ይችላል። ምን ያህል እንደሆነ ዛሬ በእርግጠኝነት መናገር አንችልም።» የማያውቁትን አናውቅም ብለው ጻፉ። ልጆቼ እንዲመረመሩ ቀጠሮ ያዙ። ማጣራቱ ሲያልቅ ሪፖርቱን እንደሚሰጡኝ፣ እስከዚያ የምደውልላት ሴት ማን እንደሆነች ከነስልኳ ጻፉ። «ለምን አልደወሉም?» የሚል ነገር አንድም ቦታ የለም።

ጽድቅ ሞልቶባቸው አይደለም። ስታፎርድ በሚባል ሆስፒታል ሕመምተኞች ክፉኛ መበደላቸው፣ ቤተሰቦቻቸውም ሲጮሁ ሰሚ ማጣታቸው በፈረንጆቹ 2013 በወጣ የምርመራ ሪፖርት ተጋልጧል። በማግስቱ ዓመት ሆስፒታል ያደረሰውን ጉዳት ለሕመምተኛው እንዲናገር የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። ጉዳቱ ቀላል ከሆነ ደንቡ አያስገድድም። ይቅርታ መጠየቅ ብቻውን ቸልተኝነትን እንደማመን አይቆጠርም የሚል ሕግ ደግሞ ከ2006 ጀምሮ አላቸው። ስለዚህ ሐኪሙ አፉን ሲከፍት አንገቱን ለገመድ የሰጠ አይመስለውም። ደብዳቤውም ቢሆን እንከን አለው። «አልታየም» ይላል እንጂ ማን ማየት እንደነበረበት አይናገርም።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። አክስቴ መንዝ ናት። አንገቷ ላይ እብጠት ወጣባት። ሰሜን ሸዋ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ናሙና ተወሰደላት። ልጇ ጠርሙሱን በፌስታል አንጠልጥሎ አዲስ አበባ አደረሰ፣ ውጤቱንም አምጥቶ አስረከበ። ወረቀቱ ካርዷ ውስጥ አልገባም። ሐኪሙ ጋ በቀረበች ቁጥር «ውጤቱ አልመጣም» እየተባለች አሞክሳሲሊን ይጻፍላታል። ሲሰለቻት ሸንኮራ ዮሐንስ ሄዳ ተጠመቀች። እብጠቱ ፈርጦ መግል ማውጣት ሲጀምር አንዲት ነርስ ወረቀቱን ከመሳቢያ አገኘችው። የንፍፊት ቲቢ ይላል።

ሐኪሙ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «እስከዛሬ የት ነበርሽ? ጸበል ለጸበል ስትዞሪ እኮ ነው!» አክስቴም መቀነቷን እያስተካከለች «ይቅር በለኝ ዶክተር፣ አስቸገርኩህ» አለችው። ይሄ ነው ያንገበገበኝ።

ደብረ ብርሃን ያለ ነርስ ጓደኛዬን ጠየቅኩት። «አንተ ደግሞ! ተሳስተናል ብል በነጋታው ዘመዷ ፖሊስ ይዞ ይመጣል። እኔን ደግሞ ማን ይደርስልኛል?» አለኝ። እውነቱን ነው። መሳቢያው ውስጥ የከተተው እሱ ቢሆን የሚቀጣው እሱ ነው። የመጣ ውጤት የሚመዘገብበት ደብተር አለመኖሩን የሚጠይቅ የለም።

አንድ ሌሊት ተቀምጬ ለአክስቴ ሊጻፍ ይገባ የነበረውን ደብዳቤ በራሴ ጻፍኩት፦

«እናታችን፣ የምርመራ ውጤትዎ ደርሶን ሳለ ሳናየው በመቅረታችን ይቅርታ እንጠይቃለን። ልጅዎ ወረቀቱን በጥር 12 አስረክቦናል። እኛ ያየነው በግንቦት 3 ነው። በመሃሉ የሰጠንዎት መድኃኒት ለዚህ በሽታ የሚሆን አልነበረም። ሕክምናው በጊዜው ተጀምሮ ቢሆን ቁስሉ ላይፈርጥ ይችል ነበር። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ከእንግዲህ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ውጤት ሁሉ በመዝገብ ገብቶ በዚያው ሳምንት ለሐኪም ይቀርባል። ጥያቄ ካለዎት ከልጅዎ ጋር ይምጡ፣ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።»

አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም። በስልክ ለልጇ አነበብኩለት፣ እሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመላት። እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ማኅተም አለው?» አለች።

«የለውም አክስቴ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«እህ፣ ታዲያ አንተ ምን አጠፋህ?»