«ቁልፍ አንድ ቃል ናት» ለሚሉን

«ቁልፍ እኮ አንድ ቃል ናት። ማሽን ይተርጉማት፤ ሰው ምልክቱን አይቶ ይገባዋል።» ጎንደር ውስጥ የቀጠሮ አፑን በአማርኛ ያወጣው መሥሪያ ቤት፣ አፑ ላይ የሚነኩት ቁልፎች በስህተት ተተርጉመዋል ብለን ላቀረብነው ቅሬታ የሰጠው መልስ ነው።

ችግሩ እኮ አንድ ቃል መሆኗ ነው! ዓረፍተ ነገር ሲሆን ማሽኑ ከጎረቤት ቃላት ፍንጭ ያገኛል። ብቻዋን የቆመች ቃል ጎረቤት የላትም። እንግሊዝኛ Open ብሎ ሁለቱንም ይልበታል፤ አማርኛ ግን «ክፍት» እና «ክፈት» ብሎ ይለያቸዋል። ማሽኑ አንዱን መምረጥ አለበት፤ የሚመርጠውም ስክሪኑን ሳያይ ነው።

የአፑን ቅጽ እንይ። ከታች Save እና Clear የነበሩ ሁለት ቁልፎች አሉ። አንዱ «አስቀምጥ» ተብሏል፤ ደህና። ሌላው «ግልጽ» ሆኗል። ከአዘዞ የመጣች እናት ስሟን፣ ቀበሌዋንና ስልኳን ሞልታ «ግልጽ» የሚለውን ስትነካ የጻፈችው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። «መልሰን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመን አረጋግጠናል» ማለታቸው ደግሞ የባሰ ነው። «ግልጽ» ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ Clear ይሆናላ! ስህተቱ ደርሶ መልስ ሄደና ልክ መሰለ። ይህን ማረጋገጫ ብሎ መጥራት ሕዝብን መናቅ ነው።

ማረጋገጥ የሚቻለው በስክሪኑ ላይ ብቻ ነው። መጀመሪያ አፑን በእንግሊዝኛ ክፈቱና የገጹን ስክሪንሾት አንሱ። ቁልፉ የት እንደተቀመጠና ምን ምልክት እንዳለው እዩ። Clear አጠገብ ላጲስ ካለ «ግልጽ» ወዲያው ይወድቃል። ምልክት ብቻውን ግን አይበቃም። የ✕ ምልክት በመፈለጊያ ሳጥን ውስጥ ከሆነ የተጻፈውን ያጠፋል፤ በመስኮት ጥግ ከሆነ መስኮቱን ይዘጋል። ስለዚህ ቁልፉን ተጫኑና ከተጫናችሁ በኋላ ሌላ ስክሪንሾት አንሱ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታዩ ምን እንደተለወጠ ይታያል። ቅጹ ባዶ ከሆነ ትርጉሙ «ሁሉንም አጥፋ» ነው። አማርኛውን ካስገባችሁ በኋላም ገጹን እንደገና አንሱ፤ ረዘም ያለ ቃል ከቁልፉ ጠርዝ ተቆርጦ ሊቀር ይችላል።

«ሰው ምልክቱን አይቶ ይገባዋል» የሚለው ግን አንጀቴን አሳርሮታል። ማየት የተሳናቸው ሰዎች ስልካቸውን የሚሰሙት እንደ TalkBack ባለ የስክሪኑን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም ነው። ላጲሱን አያዩትም፤ ጆሯቸው የሚደርሰው «ግልጽ» የሚለው ነው። ምልክቱ ለሁሉም የሚበቃ ከሆነማ ቃሉን መጻፍ ለምን አስፈለገ?

አንድ ነገር ግን ተርጓሚ አይፈታውም። አንዳንዴ ፕሮግራመሩ በኮዱ ውስጥ ያለውን አንድ የጽሑፍ መስመር በሁለት ቦታ ይጠቀምበታል፤ Open እዚህ ቁልፍ፣ እዚያ የቀጠሮ ሁኔታ። ሁለት ስክሪንሾት ላይ አንድ መስመር ሁለት ሥራ ሲሠራ ካያችሁ ምንም አትተርጉሙ። ስክሪንሾቶቹን ላኩለት፤ መስመሩን እንዲህ ለሁለት ይክፈለው፦

```xml
<string name="btn_open">ክፈት</string>
<string name="status_open">ክፍት</string>
```