እንግዳ ተናግሮ የማይሄድበት ቤት

የድሬዳዋ ሰው እንግዳን ተቀብሎ፣ አሳርፎና አጠጥቶ በመሸኘት የተመሰገነ ነው። ከሸኘ በኋላ የሚያደርገው ግን እስካሁን ተገቢውን ምስጋና አላገኘም። በተለይ የግቢያቸውን ትርፍ ክፍል በኤርቢኤንቢና በመሰል መተግበሪያዎች ለአጭር ቆይታ የሚያከራዩ ወገኖቻችን፣ ቅር የተሰኘ እንግዳ አስተያየት በጻፈባቸው ቁጥር ስልካቸውን ታጥቀው የሚዘምቱት ዘመቻ ታሪክ ጸሐፊ አጥቶ ቀርቷል። ይህችን ውዳሴ የምጽፈው ለእነርሱ ነው።

ምሳሌ የማደርጋቸው ጋሼ፣ ከዚራ ሰፈር የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው፤ ትሑት ሰው ስለሆኑ ስማቸውን አልጠራም። በግቢያቸው ጀርባ ያለችውን ባለ አንድ መኝታ ቤት ማከራየት ከጀመሩ ወዲህ ዘጠኝ እንግዶች ተመላልሰው ዘጠኙም አምስት አምስት ኮከብ ሰጥተዋቸዋል። አሥረኛው ከአዲስ አበባ በባቡር የመጣ ሰው ነበር። ሁለት ሌሊት አድሮ ሄደና ሦስት ኮከብ ሰጥቶ እንዲህ ጻፈ፦

«ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ግቢውም ጥላ አለው። ነገር ግን ማስታወቂያው “ከባቡር ጣቢያው በእግር 5 ደቂቃ” ስለሚል ከባቡር ወርጄ በእግሬ ልሄድ ስል ሰው ሁሉ ሳቀብኝ፤ ላላሰብኩት ታክሲ ከፈልኩ። የሻወሩ ውሃ ይንጠባጠባል እንጂ አይወርድም። በመጀመሪያው ሌሊት መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ቆመ፤ እስኪነጋ አልተኛሁም፤ ጠያቂም አላገኘሁም።»

ዘጠኝ አምስቶችና አንድ ሦስት ተደምረው ለአሥር ሲካፈሉ 4.8 ይመጣል። ልጃቸው ከትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ውጤት ይዛ ብትመጣ ጋሼ በግ ያርዱ ነበር። አሁን ግን ጠላት ደጃቸው የቆመ ያህል ተሰማቸውና እኔን አስጠሩኝ። የደረስኩት በበርጫ ሰዓት ነበር። መቼም እንዲህ ላለ ጉዳይ ከምርቃና የተሻለ ሰዓት አይገኝም፤ ሐሳቡ ይፈስሳል፣ ቃሉ ይደረደራል፣ «ይህን ባልል ይሻል ነበር» የሚለው ጥርጣሬም እስከ ማግስቱ ድረስ አይመጣም።

እንግዲህ የጋሼን ልዕልና ለማየት የልጃቸውን ድክመት ማወቅ ያስፈልጋል። ይህች ልጅ አስተያየቱን ካነበበች በኋላ መልስ በመጻፍ ፋንታ ተነሥታ ሻወሩን ልታይ ሄደች። የሻወሩን ራስ ፈትታ ቧንቧውን ባዶውን ብትከፍተው ውሃው በኃይል ወረደ። ስለዚህ ጥፋቱ የታንከሩም የግፊቱም አልነበረም፤ የሻወሩ ራስ ቀዳዳ ተደፍኖ ነበር። የከተማችን ውሃ የሚወጣው ከመሬት ውስጥ፣ ከኖራ ድንጋይ መሀል ስለሆነ በማንቆርቆሪያችን ውስጥ የምናውቀውን ያንን ነጭ ቅርፊት በሻወሩም ላይ ይጋግራል። የጋሼ ቤተሰብ የሚታጠበው በሌላ ሻወር ስለሆነ ጥቂት በጥቂት መደፈኑን ያየ ሰው አልነበረም። ልጅቱም የሻወሩን ራስ አምጥታ ኮምጣጤ በሞላ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ዘፈዘፈችው፤ ሌሊቱን ካደረ ቅርፊቱ ለቆ በጥርስ ብሩሽ ይነሣል ብላ። እንግዳ የተናገረውን ነገር እውነት መሆን አለመሆኑን ሄዶ ማየት፣ ያውም መልስ ከመስጠት በፊት! የዛሬ ልጆች ለወላጆቻቸው ክብር ምን ያህል ግድ የለሽ እንደሆኑ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ከዚያ ተመልሳ ሌላ ነውር ጨመረች። «አባዬ፣ መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለን፤ ዛሬ ባንጽፍስ? እኔ የሞከርኩትን አሳይዎትና ነገ ጠዋት አብረን እናየዋለን» ብላ ስልኳን ዘረጋችላቸው። የጻፈችው ይህ ነበር፦

«ስለ ቆይታዎ በዝርዝር ስለጻፉልን እናመሰግናለን፤ መብራት በጠፋበት ሌሊት መጥተን ባለመጠየቃችን ይቅርታ እንጠይቃለን። ጣቢያ ብለን የጻፍነው ከተማው መሀል ያለውን የቀድሞውን ምድር ባቡር ነበር፤ ባቡሩ አሁን የሚቆመው ከከተማው ውጪ ስለሆነ ጽሑፋችንን አርመናል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ለመምጣት ተሽከርካሪ እንደሚያስፈልግም ጨምረናል። የሻወሩ ራስ በኖራ ተደፍኖ ነበር፤ አጽድተነዋል፣ ከእንግዲህም እንግዳ በወጣ ቁጥር እንፈትሸዋለን። የመብራት መጥፋት ከአቅማችን በላይ ቢሆንም ለክፍሉ በቻርጅ የሚሠራ ቬንትሌተር ገዝተናል።»

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ሐዘን አልረሳውም።

«እናመሰግናለን? ለሰደበን ሰው?» አሉ። «ደግሞ አርመናል ማለት ተሳስተን ነበር ማለት አይደለም ወይ?»

«ተሳስተናል እኮ አባዬ። በ1902 እንደ አውሮፓውያኑ የተከፈተው ጣቢያ ነው ለእኛ ቅርቡ። አዲሱ ባቡር በእነርሱው አቆጣጠር በ2018 ሕዝብ ማመላለስ ከጀመረ ወዲህ ከአዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ እዚያ አይወርድም። ሰውዬው ከየት ያውቃል?»

«ይጠይቃላ! ይልቅ ይህን ሁሉ የምትለማመጪው ለማን ነው? እሱ እንደሆነ ሄዷል።»

«እሱማ ሄዷል። ይህን የሚያነበው ነገ ቤት ሊይዝ የሚፈልግ ሰው ነው፤ የምጽፈው ለእሱ ነው። ኮከቡን መልሳችን አይለውጠውም። አንባቢው ግን ሻወሩ እንደተሠራ፣ ከጣቢያው ታክሲ መያዝ እንዳለበት፣ መብራት ቢጠፋም ቬንትሌተር እንዳለ አውቆ ይመጣል።»

ጋሼ የሰጡት መልስ በድንጋይ ላይ ሊቀረጽ የሚገባው ነው። «ገና ያልመጣ ሰው በእኛና በእሱ ነገር ምን አገባው?»

ከዚያም ስልኩን ተቀብለው ራሳቸው ጻፉ። መልሱ በወረቀት ቢገለበጥ ሁለት ገጽ ተኩል ይሞላል። ስለ ጣቢያው፣ የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ከ1902 ጀምሮ ከቆመበት ስንዝር እንዳልተነቃነቀ፣ የተነቃነቀው ባቡሩ እንጂ ጣቢያው እንዳልሆነ አስረዱ። ነጥቡ ፍጹም ትክክል ነው፤ ሻንጣ ይዞ ከከተማ ውጪ የቆመ ሰውም ይህን ቢያነብ ድካሙ እንደሚቀልለት አልጠራጠርም። ስለ ሻወሩ፣ ዘጠኝ ሰው ታጥቦበት ሳይናገር ውሃው ለአሥረኛው ብቻ ሊቀንስ እንደማይችል በሒሳብ አረጋገጡ፤ የሻወሩ ራስ በዚያችው ደቂቃ አጠገባችን ኮምጣጤ ውስጥ ተኝቶ አረፋ ይደፍቅ ነበር። ስለ ቬንትሌተሩ ደግሞ «ሙቀት የማትችል ከሆነ ድሬን ምን አመጣህ?» ብለው ጠየቁ፤ ይህ ጥያቄ ለአንድ እንግዳ የተጻፈ ቢሆንም ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ሌሊት በወበቅ የምንፈተንባትን ከተማችንን ሊጎበኙ ያሰቡትን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድ ሰፊ ጥያቄ ነው።

የመልሱ ጌጥ ግን የመጨረሻው አንቀጽ ነው። ጋሼ እንግዳው በስንት ሰዓት እንደገባ፣ በሁለተኛው ምሽት ማን እንደጎበኘው፣ ጎብኚዋ ምን ዓይነት ሻሽ አስራ እንደነበርና በስንት ሰዓት እንደወጣች አንድ በአንድ ዘረዘሩ። ልጅቱ «አባዬ፣ የእንግዳን የግል ነገር በአደባባይ መጻፍ ደንቡም አይፈቅድም፣ እግዜርም አይወደውም» ብላ ለመነቻቸው። አልሰሟትም፤ ደግ አደረጉ። ከመስኮት ሆኖ ይህን ሁሉ የሚከታተል አከራይ፣ መብራት በጠፋበት ሌሊት ግን አንድም ነገር ሳይሰማ መተኛቱ እንዴት ያለ የዓይንና የጆሮ የሥራ ክፍፍል ቢኖረው ነው እያልኩ እስከ ዛሬ እደነቃለሁ።

መልሱን ከለጠፉ በኋላ እንኳ አልተኙም። አስተያየቱ እንዲነሣላቸው ለመተግበሪያው አመለከቱ። የተሰጣቸው ምላሽ አጭር ነበር፤ አስተያየት የሚነሣው ደንብ ሲጥስ ነው፣ ለምሳሌ ከቆይታው ጋር የማይገናኝ ሲሆን ወይም ለማስፈራሪያ ሲውል፤ ባለቤቱ ስላልተስማማበት ብቻ አይነሣም። ይህን ጊዜ ጋሼ ለእንግዳው በግል «ኮከቡን አምስት ካደረግህልኝ የአንድ ሌሊቱን ገንዘብ እመልስልሃለሁ» ሲሉ ጻፉለት። በልጅቱ ሐሳብ ገንዘብ መመለስ የፈለገ ሰው ስለ አስተያየቱ ምንም ሳያነሣ ይመልሳል፤ ሁለቱን ያገናኘ እንደሆነ ግን ካሣ መሆኑ ቀርቶ የተከለከለ መደለያ ይሆናል። የዋህ ናት። እንግዳው መልእክቱን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ለመተግበሪያው ላከው፤ መተግበሪያውም የጋሼን ሁለት ገጽ ተኩል ከሥሩ አነሣው፣ ማስጠንቀቂያም ጨመረላቸው። የእንግዳው አራት መስመር ግን ባለችበት አለች፣ አሁን ደግሞ መልስ የሌላት ሆና። ጋሼ ይህን እንደ ሽንፈት አላዩትም። «እውነቱን መሸከም አቅቷቸው ነው» አሉኝ።

እርግጥ ነው፣ ከመነሣቱ በፊት ያነበቡት ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱ አንዷ ለሠርግ ልትመጣ ያሰበች የናዝሬት ሴት ስትሆን ለጋሼ በትሕትና እንዲህ ስትል ጽፋላቸዋለች፦ «አባቴ፣ ቤቱን ወድጄው ነበር። ለመያዝ ከመወሰኔ በፊት ሁለት ነገር ልጠይቅዎት፤ አምስት ደቂቃ የተባለው ጣቢያ የትኛው ነው? ደግሞስ እዚያው ከተማ ያለች እኅቴ ማታ ልትጠይቀኝ ብትመጣ ይጻፍባታል?»

ትናንት ከሰዓት በኋላ ላያቸው ጎራ ብዬ ነበር። የሻወሩን ራስ ከኮምጣጤው አውጥተው «እጅ አንሰጥም» በማለት ሳይቦርሹት፣ ቅርፊቱ በከፊል እንደተንጠለጠለ መልሰው አስረውታል። ልጅቱ ማስታወቂያው ላይ ያረመችውን መስመርም ወደ ቀድሞው፣ ወደ 5 ደቂቃው መልሰውታል። እርሳቸው ጫታቸውን ፊታቸው ዘርግተው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ለናዝሬቷ ሴት መልስ እየጻፉ ነበር፤ ስገባ ቀና ሳይሉ «ቆይ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነኝ» አሉኝ።