የባንኩ ቁጥር ታየ ማለት ባንኩ ደወለ ማለት አይደለም

«ቁጥሩን ከካርዴ ጀርባ ካለው ጋር አመሳከርኩት። አንድ ነው። ታዲያ እንዴት ሌባ ይሆናል?»

የጠየቀችኝ ለንደን የምትኖር የአክስቴ ልጅ ናት። «ከባንክዎ ነው» ብሎ የደወለላት ሌባ ነበር። ገንዘቧ አልተነካም፤ ንዴቷ ግን እስካሁን አልበረደም።

ስልክ ሲደወል ሁለት ቁጥሮች አብረው ይሄዳሉ። አንዱ የሚደወልለት ሰው ቁጥር ነው። እሱ ከተሳሳተ ጥሪው ቦታው አይደርስም። ሌላው የደዋዩ ቁጥር ነው። ይሄኛው ጥሪውን ለማድረስ አያስፈልግም፤ ለመታየት ብቻ የተያያዘ ጽሑፍ ነው። ፖስታ ላይ «ላኪ» ተብሎ የሚጻፈውን ያስቡ። ውሸት ቢጻፍበትም ደብዳቤው ይደርሳል።

ከሞባይላችን ስንደውል ይህን ቁጥር የሚሞላው በሲም ካርዳችን የሚያውቀን የስልክ ድርጅት ነው፤ ስለዚህ እንዋሽ ብንልም ቀላል አይደለም። በኢንተርኔት በኩል የሚደወል ስልክ ግን ሌላ ነው። ጥሪውን በሚከፍተው መልእክት ውስጥ `From` የሚል መስመር አለ፤ የሚሞላውም የደዋዩ ሶፍትዌር ነው። ይህ የተፈቀደው ለክፋት አልነበረም። ሁለት መቶ ሠራተኛ ያለው የባንክ ጥሪ ማዕከል ከየትኛውም ወንበር ቢደወል አንድ ቁጥር ብቻ እንዲታይ ይፈልጋል። መጀመሪያ ጥሪውን የሚቀበለው ድርጅት «ይህ ቁጥር በእርግጥ የአንተ ነው?» ብሎ ካልጠየቀ ግን ሌባውም በዚያው በር ይገባል። ከዚያ በኋላ ያሉት የተቀበሉትን ያሳልፋሉ።

የሚገርመው ደግሞ ስሙ ነው። ቁጥሩን «ባንኬ» ብለው ስልክዎ ላይ ካስቀመጡት፣ ሌባው ሲደውል «ባንኬ» ይላል። ስሙን ማንም አልላከውም፤ የራስዎ ስልክ ነው ያወጣው።

አይስፑፍ የሚባል ድረ ገጽ ይህን ሱቅ አድርጎት ነበር። ደንበኞቹ በወር ከ150 እስከ 5,000 ፓውንድ በቢትኮይን እየከፈሉ የፈለጉትን ቁጥር ለብሰው ይደውሉ ነበር። እስከ ኦገስት 2022 ባሉት 12 ወራት ውስጥ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ የማጭበርበሪያ ጥሪ ተደርጎበታል፤ 3.5 ሚሊዮኑ በብሪታንያ። የለንደን ፖሊስ በኖቬምበር 2022 መዘጋቱን አስታወቀ። መሥራቹም በ2023 የ13 ዓመት ከ4 ወር እስራት ተፈረደበት። ዘዴው ግን አብሮት አልታሰረም።

ለአክስቴ ልጅ የደወለላት ሰው «በካርድዎ ማንቸስተር ውስጥ 640 ፓውንድ ሊወጣ ነው» አላት። ስትጠራጠር «ካርድዎን ያገላብጡና ቁጥሩን ያመሳክሩ» አለ። ልብ በሉ፣ አመሳክሪ ያላት ራሱ ሌባው ነው። ወዲያው በጽሑፍ ኮድ መጣላት። ኮዱ ውሸት አልነበረም፤ ከእውነተኛው ባንክ ነው የመጣው። ሰውየው ቀድሞ ባገኘው የይለፍ ቃሏ ገብቶ ክፍያ ጀምሯል፤ የቀረው ኮዱን ማንበቧ ብቻ ነበር። መልእክቱ ላይ «ለባንክ ሠራተኛም ቢሆን አይንገሩ» ይላል። እሱን ስታይ ዘጋችው።

ብሪታንያ ለዚህ አንድ ጥሩ መላ አላት። ጥሪ ለመቀበል ብቻ የሚያገለግሉ የባንክ ቁጥሮች ተመዝግበው ለስልክ ድርጅቶች ይሰጣሉ፤ በእነሱ ስም የሚመጣ ጥሪ መንገድ ላይ ይታገዳል። የእሷ ባንክ ግን በካርዱ ቁጥር ራሱም ለደንበኛ ይደውላል። ስለዚህ መዝገቡ ውስጥ ሊገባ አይችልም። ለምን ሁለት ቁጥር አይይዝም? ይህ የቴክኖሎጂ ችግር አይደለም፤ ስንፍና ነው።

አሜሪካ ከጁን 30 ቀን 2021 ጀምሮ ትልልቆቹ የስልክ ድርጅቶች ጥሪውን በዲጂታል ፊርማ እንዲያረጋግጡ አስገድዳለች። ይረዳል። ነገር ግን ጥሪው በአሮጌ መስመር ካለፈ ፊርማው ይጠፋል፤ ከውጭ አገር ለገባ ጥሪም ተቀባዩ ድርጅት ስለ ደዋዩ ማንነት ዋስ ሊሆን አይችልም።

እንግዲህ ዘግቶ ራስ መደወል ነው የሚሻለው። ብሪታንያ ውስጥ 159 ብለው ቢደውሉ ከአብዛኞቹ ባንኮች ጋር ያገናኛል፤ ከ159 ደግሞ የትኛውም ባንክ አይደውልልዎትም። ሞንዞ የተባለው ባንክ ከ2023 ጀምሮ ሠራተኛው እያናገረዎት መሆኑን በመተግበሪያው ላይ ያሳያል። ይህን ያላደረጉት ባንኮች ምን እንደሚጠብቁ አላውቅም። ዛሬም ብዙዎቹ ሳናስበው ደውለው፣ ማንነታቸውን ሳያሳዩ፣ የትውልድ ቀናችንን ይጠይቃሉ። ሌባው የሚጠቀመው እነሱ ያስለመዱንን ነው።

በሳምንቱ ባንኩ ለአክስቴ ልጅ በእውነት ደወለ። የትውልድ ቀኗን ጠየቃት። «በምን ላምንዎት?» አለችው።

«ቁጥራችን እኮ እየታየዎት ነው» አላት።