የጥምቀት ሥራ ለታኅሣሥ ነጥብ አይሆንም

«በሥራ አፈጻጸም ምዘናው ሁላችንም 3 ከ5 ነው ያገኘነው። አለቃችን አላዳላም ማለት አይደል?» አለኝ አንድ የጎንደር ሆቴል ሠራተኛ።

አድልቷል። የለፋውን ጎድቶ ያልሠራውን ጠቅሟል። አለቃ 5 ወይም 1 ሲሰጥ ማስረጃ ይጠየቃል፤ 3 ሲሰጥ ግን ማንም አይጨቀጭቀውም። ስለዚህ ሁሉንም መሃል ላይ ያስቀምጣል። የመሃል ዝንባሌ የሚባለው ስህተት ይሄ ነው። የሠራተኞቹን ቅጾች ጎን ለጎን ዘርግቶ አንዱን መስፈርት ብቻ መከታተል ነው፤ ወዲያው ይታያል። ሁሉም 5 ቢሆን ደግሞ ስህተቱ ልልነት ነው።

ሃሎ ኢፌክት፣ ማለትም በሠራተኛው አንድ ጥሩ ጎን ተማርኮ በሌላውም ሁሉ ከፍተኛ ነጥብ መስጠት፣ ግን የሚገኘው በአንድ ሰው ቅጽ ውስጥ ነው። እንግሊዝኛዋ የሚደነቅላት እንግዳ ተቀባይ በሰዓት ማክበርም 5፣ የሂሳብ ጉድለት ተመዝግቦባት ሳለ በሂሳብ ርክክብም 5 ታገኛለች። በእርግጥ በሁሉም ጎበዝ የሆነ ሰው አይጠፋም፤ የሚለየው መዝገቡ ነው። አለቃው አንዱን መስፈርት ለሁሉም ሠራተኛ ሞልቶ ወደሚቀጥለው ቢያልፍ ይህ ስህተት ሊቀንስ ይችላል።

ለጎንደር ሆቴሎች በጣም የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ስህተት ነው። በጀት ዓመቱን ከሐምሌ የሚጀምር ሆቴል የግማሽ ዓመት ምዘናው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለውን ሥራ ይመለከታል። ቅጹ የሚሞላው ግን ጥር ውስጥ ነው። ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት! ከተማው በእንግዳ ይጨናነቃል፤ የአለቃው ሐሳብም እዚያው ይቀራል።

ሁለት እንግዳ ተቀባዮችን እናስብ። አንዱ ክረምቱን ሙሉ ሲያረፍድ ከርሟል። መስከረም ላይም አንድ ክፍል ለሁለት እንግዳ ሰጥቷል። በከተራ ማታ ግን ቆሞ አደረ፤ ክፍል ላጡ እንግዶች ሌላ ማረፊያ ፈልጎ አገኘላቸው። ሌላዋ ስድስቱን ወር ያለ አንድ ስህተት ሠርታለች። በጥምቀት ሳምንት ግን ታማ ሁለት ቀን ቀረች። ጥር 20 ቅጹ ሲሞላ እሱ 5፣ እሷ 3 አገኙ።

ይህ የቅርብ ጊዜ ትውስታ ስህተት ነው። እዚህ ላይ ደግሞ የባሰ ነው፤ ነጥቡን የወሰኑት ቀናት ከምዘናው ጊዜ ውጭ ናቸው። የከተራው ሥራ ይመስገን፤ የሚቆጠረው ግን በሰኔው ምዘና ነው።

መፍትሔው አንድ ደብተር ነው። አለቃው በየወሩ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ያየውን አንድ ሁለት ነገር፣ ጥሩውንም መጥፎውንም፣ ከነቀኑ ይጻፍ። ነጥብ ሲሰጥ ከሐምሌ ጀምሮ ያንብበው። ሠራተኛውም ከመፈረሙ በፊት «ይህ ነጥብ የየትኛው ወር ሥራ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። የጥር ቀን ከተጠራለት ቅሬታውን እዚያው ቅጹ ላይ ይጻፍ።