መጀመሪያ ሥዕሉ ወይስ ቀመሩ? በአንድ መሰላል ላይ የተደረገ ክርክር

ጥያቄው፦ «የስታቲክስ አሳይመንት ላይ ነኝ። 5 ሜትር የሚረዝም መሰላል ልሙጥ ግድግዳ ተደግፏል። እግሩ ከግድግዳው 3 ሜትር ይርቃል። መሰላሉ 200 ኒውተን፣ የሚወጣው ሰውዬ 700 ኒውተን ነው። የወለሉ የሰበቃ ኮኤፊሸንት 0.4። ሳይንሸራተት እስከ የት ይወጣል? ፍሪ ቦዲ ዲያግራም ሳልስል ቀጥታ ቀመር ብጽፍ ምን ችግር አለው?»

የቱቶሪያል አስተማሪው፦ ችግሩ ቀመር ውስጥ የሚገባውን ኃይል ከየት ታመጣዋለህ ነው። ባዶ ወረቀት ላይ መሰላሉን ብቻ ሳለው። ግድግዳው፣ ወለሉ፣ ሰውዬው አይሳሉም። ከዚያ ያነሳኸውን እያንዳንዱን ነገር በቀስት ተካ። ግድግዳው ልሙጥ ስለሆነ መሰላሉን ወደ ውጭ፣ አግድም ብቻ ይገፋዋል፤ W በለው። ወለሉ ወደ ላይ ይገፋል፣ N። እግሩ ወደ ውጭ ሊያመልጥ ስለሚፈልግ ሰበቃው f ወደ ግድግዳው ይይዘዋል። የመሰላሉ ክብደት መሃሉ ላይ ነው፤ ከእግሩ በአግድም 1.5 ሜትር። የሰውዬው ደግሞ በ x ርቀት። አምስት ቀስት ነው፤ ካነሰ የረሳኸው አለ።

ከዚህ በኋላ ሥራው አጭር ነው። N = 900 ኒውተን። ሊንሸራተት ሲል f = 0.4 × 900 = 360። አግድም ሌላ ኃይል ስለሌለ W ም 360 ነው። የመሰላሉ ጫፍ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ሞመንቱን እግሩ ላይ ስትወስድ፦

360 × 4 = 200 × 1.5 + 700x

x ወደ 1.63 ሜትር ይመጣል። በመሰላሉ ላይ ሲለካ 2.7 ሜትር ገደማ ነው። ጫፍ ሳይደርስ ይንሸራተታል ማለት ነው።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪው፦ መምህር፣ እርስዎ ሲስሉት ቀላል ነው፤ ምክንያቱም መልሱን ሳይስሉ ያውቁታል። እኔ ፈተና ላይ ይህን የመሰለ ጥያቄ ገጥሞኝ መጀመሪያ ሳልኩ። የግድግዳውን ኃይል ግን በመሰላሉ አቅጣጫ አደረግኩት፣ ወደ ታች ያዘነበለ። ያየሁትን ሥዕል አምኜ ሁለት ገጽ ሙሉ ሠራሁ፤ ሁሉም ስህተት ሆነ። «ልሙጥ» የምትለውን ቃል በደንብ ባነብ ይሻለኝ ነበር። የሚያድነው ንባቡ ነው፤ ሥዕሉ ያነበብኩትን ብቻ ነው የሚደግመው።

አስተማሪው፦ ንባቡ ላይ ልክ ነህ። ነገር ግን ያ ቀስት ወረቀት ላይ ስለነበረ ነው ዛሬ የት እንደተሳሳትክ የምትነግረኝ። ቀመር ብቻ ጽፈህ ቢሆን አንድ ኮሳይን ቦታውን ስቶ ይገኝ ነበር፤ ለምን እንደገባ አንተም አታውቀውም። ቀስት ስትስል «ይህን የገፋው ማነው?» ብለህ ጠይቅ። ግድግዳው ከሆነ፣ ልሙጥ ነገር የሚገፋው ወደ ፊቱ ቀጥ ብሎ ነው። መሰላሉ ያዘነበለ መሆኑ ለግድግዳው ምኑም አይደለም።

ተማሪው፦ እሺ። የሰበቃውስ አቅጣጫ? «ገምተህ ሳል፣ ከተሳሳትክ መልሱ ነጌቲቭ ይመጣል» ይሉናል።

አስተማሪው፦ f ን እንደማይታወቅ ፊደል ከተውከው እውነት ነው። f = 0.4N ብለህ ከተካህ በኋላ ግን አይሠራም፤ ቁጥሩ ፖዘቲቭ ሆኖ ገብቷል፣ አቅጣጫው ከተገለበጠ የ f ምልክት አያስጠነቅቅህም። እዚህ ላይ ምን ወዴት ሊንሸራተት እንደሚፈልግ አስቀድሞ ማሰብ ግድ ነው። ይህን ሥዕሉ ብቻውን አይሰጥህም፤ አምናለሁ።

ሌላም አለ። ሰውዬው x = 1 ሜትር ላይ ቢቆም f ስንት ነው? ብዙዎች 360 ብለው ይጽፋሉ። ሞመንቱን ሥራው፦ 4W = 300 + 700፣ W = 250። ስለዚህ f ም 250 ነው። 360 ጣሪያው እንጂ ሁልጊዜ ያለው አይደለም።

ተማሪው፦ ይሄንን አልጠበቅኩም። ግድግዳውም ሻካራ ቢሆንስ?

አስተማሪው፦ አንድ ቀስት ግድግዳው ላይ ይጨመራል። የማይታወቁት W፣ N እና ሁለት ሰበቃዎች ናቸው፤ አራት። ቀመርህ ደግሞ ሦስት ነው። ሁለቱም ጫፍ አንድ ላይ ሊንሸራተት ነው ካልተባለ በስታቲክስ ብቻ አይፈታም። ቀስቶቹን ቆጥረህ ካልኩሌተር ሳትነካ ታውቀዋለህ።

ተማሪው፦ ለቆጠራው ሥዕሉን እቀበላለሁ። ፈተና ላይ ግን አሁንም ጥያቄውን ሁለቴ ሳላነብ እርሳስ አላነሳም።