ሁለት መስመር ወረቀት

«እባክህ ሁለት መስመር ወረቀት ጻፍልኝ» የሚል ዘመድ ሁለት መስመር የሚበቃው ጉዳይ ይዞ ሲመጣ አይቼ አላውቅም። ሁለት መስመር የሚበቃ ቢሆንማ ራሱ በጻፈው ነበር። በተለይ ጉዳዩ «እገሌ ገንዘቤን እንዲያወጣልኝ» ወይም «እገሊት ቼኬን እንድትቀበልልኝ» የሚል ሲሆን፣ ለማኙ ወረቀቱን እንደ ሰላምታ ይቆጥረዋል፤ ከጠረጴዛው ወዲያ ያለው ሠራተኛ ደግሞ እንደ ክስ ማስረጃ ይመረምረዋል። በሁለቱ መካከል የምንጉላላው እኛ ጸሐፊዎቹ ነን።

ሰሞኑን ለዚህ ንዴት ምክንያት የሆኑኝ አክስቴ ናቸው፤ እርሳቸው እንኳ ምንም አላደረጉ፣ ጥፋቱ የልጃቸው ነው። አክስቴ እግራቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ ሳሉ፣ ቀድሞ ይሠሩበት የነበረው መሥሪያ ቤት ውዝፍ ክፍያቸው በቼክ ተዘጋጅቶ እንደሚጠብቃቸው አስታወቃቸው። ልጃቸውም ከተፍ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ሁለት መስመር ይጻፉልኝና ጠዋት ቼኩን ተቀብዬ፣ ባንክ መንዝሬ፣ ገንዘቡን ለእማዬ አመጣላታለሁ» አለኝ። ልጁ ይህን ሁሉ የተናገረው በአንድ ትንፋሽ ነው፤ ቼክ መቀበልና ገንዘብ ማውጣት ግን በአንድ ትንፋሽ የሚጠሩ ሥልጣኖች አይደሉም። ቼኩን እንዲቀበል የሚፈቅደው ደብዳቤ የሚጻፈው ለከፋዩ መሥሪያ ቤት ነው። ሥልጣኑም ቼኩን ተረክቦ መዝገብ ላይ ሲፈርም ያልቃል። «ይቀበልልኝ» የሚል ቃል ውስጥ «ይመንዝርልኝ» የሚል ፈቃድ የለም፤ አለ ብሎ የሚከራከር ካለም ክርክሩን የሚሰማው ገንዘብ ከፋዩ እንጂ እኔ አይደለሁም።

ይህን ባስረዳውም፣ ልጁ ወጣት ስለሆነና ወጣት ደግሞ በሰልፍ ስለማያምን፣ ቼኩን እንደተቀበለ በቀጥታ ወደ ባንክ ሄደ። እዚያም ሁለት ነገር ጠበቀው። አንደኛ፣ የያዘውን ደብዳቤ ዋናውን ቅጂ መሥሪያ ቤቱ ለራሱ ማስረጃ አስቀርቶታል፤ ማስቀረቱም ትክክል ነው፣ ነገ አክስቴ «ቼኬን ለማን ሰጣችሁ?» ቢሉ የሚያሳየው ሌላ ነገር የለውም። ስለዚህ ልጁ ባንክ የደረሰው በፎቶኮፒ ነው፤ ፎቶኮፒ ላይ ያለ ፊርማ ደግሞ የፊርማ ሥዕል እንጂ ፊርማ አይደለም። ሁለተኛ፣ ቼኩ በአክስቴ ስም የተጻፈና ፊቱ ላይ ሁለት ትይዩ መስመሮች የተሰመሩበት ነበር። ያን ጊዜ ነው «ሁለት መስመር» የሚባለው ነገር ምን ያህል ክብደት እንዳለው ልጁ የተረዳው።

በቼክ ላይ የሚሰመሩት እነዚያ ሁለት መስመሮች ለጌጥ አይደሉም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 ጄኔቫ ላይ የተፈረመው የቼክ ወጥ ሕግ ስምምነት እንደሚለው፣ እንዲህ የተሰመረበትን ቼክ ከፋዩ ባንክ መክፈል የሚችለው ለሌላ ባንክ ወይም ለራሱ ደንበኛ ብቻ ነው። ነገሩ የታሰበው በትክክል እንደዚህ ልጅ ላለ ተላላኪ ነው፤ ቼኩ በመንገድ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ አንሺው ጥሬ ገንዘብ ይዞ እንዳይሰወር፣ ገንዘቡ በአንድ ሰው ሂሳብ ውስጥ ዱካ ትቶ እንዲያልፍ ነው። የአክስቴ ቼክ ትክክለኛ መንገዱ እንግዲህ በራሳቸው ሂሳብ ገቢ መሆን ነበር። ለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የውክልና ደብዳቤ እንኳ አይጠየቅም፤ ባንኮች ወደ ሰው ሂሳብ ገንዘብ የሚያስገባን ሰው ብዙም አይመረምሩም፣ የሚመረምሩት የሚያወጣውን ነው። ገቢ ከሆነም በኋላ ከከፋዩ ባንክ ተጣርቶ እስኪመጣ መጠበቅ አለ። ከዚያ በኋላ ነው ሁለተኛው ደብዳቤ፣ ገንዘብ የሚወጣበት ደብዳቤ፣ ሥራው የሚጀምረው።

ስለ ሁለተኛው ደብዳቤ ሳስብ አንድ የቆየ ቂም ይነሣብኛል። ከዓመታት በፊት ለሌላ ዘመድ የጻፍኩትን ደብዳቤ አንድ ገንዘብ ከፋይ አየት አደረገና «አይሆንም» ብሎ መለሰው። ምኑ ነው የማይሆነው ቢባል፣ የተወካዩ መታወቂያ ቁጥር አልተጠቀሰም አለ። ቁጥሩ ተጽፎ ሲቀርብለት ደግሞ፣ የገንዘቡ ልክ በአኃዝ እንጂ በፊደል አልተጻፈም አለ። በፊደል ተጽፎ ሲመጣ፣ ፊርማው ከናሙናው ጋር አይመሳሰልም አለ። ሦስቱም እንከኖች በመጀመሪያው ቀን ደብዳቤው ላይ ነበሩ፤ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ መናገር ምላሱን አይሰብረውም ነበር። መጠንቀቁን አልነቅፍም፤ ጥንቃቄን በቁንጽል ማደሉ ግን ጥንቃቄ ሳይሆን ተገልጋይን ማንከራተት ነው፤ እስከ ዛሬም ይቅር አላልኩትም።

ሆኖም ከዚያ ሰውዬ የተማርኩትን መካድ አልችልም። ለባንክ የሚጻፍ ደብዳቤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ አይጀመርም፤ ሁሉን የሚመለከት ደብዳቤ ማንንም አይመለከትም። የባንኩና የቅርንጫፉ ስም፣ ቀኑ፣ የባለሂሳቡ ሙሉ ስምና የሂሳብ ቁጥር ይቀመጣል። ቀጥሎ ተወካዩ በመታወቂያው ላይ እንዳለው ስሙ ሳይቆራረጥ፣ ከመታወቂያው ቁጥር ጋር ይጻፋል። ቤት ውስጥ «ማሙሽ» የሚባለው ልጅ ባንክ ቤት ማሙሽ አይደለም። ከዚያ የሚወጣው ገንዘብ ልክ ይመጣል፤ «50,000 (ሃምሳ ሺህ)» ተብሎ በአኃዝም በፊደልም። አንዲት ዜሮ ለመጨመር አንድ ቀለም ይበቃል፤ «ሃምሳ»ን «አምስት መቶ» ለማድረግ ግን ሰነዱን መደለዝ ግድ ነው። ቼክ ላይ አኃዙና ፊደሉ ቢጋጩ በዚያው በጄኔቫው ሕግ የሚጸናው በፊደል የተጻፈው ነው፤ ደብዳቤ ላይ ቢጋጩ ግን ገንዘብ ከፋዩ የትኛው ይጽና ብሎ አይጨነቅም፣ ወረቀቱን ይመልሳል። በመጨረሻም ወካዩ ይፈርማል፤ ተወካዩም እዚያው ላይ ይፈርማል፣ ባንኩ መጥቶ የሚፈርመውን ሰው ከወረቀቱ ጋር እንዲያስተያይ።

ከሁሉም የሚያስቸግረው የወካዩ ፊርማ ነው። ባንኩ የሚያስተያየው ሂሳቡ ሲከፈት ከተሰጠው ናሙና ጋር ነው፤ ያን ናሙና የፈረመው ጤነኛ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ ምናልባትም ወጣት የነበረ ሰው ነው። ደብዳቤውን የሚፈርመው ደግሞ በጀርባው ተኝቶ፣ ትራስ ላይ በተደገፈ ወረቀት ላይ፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ ነው። ውክልና የሚያስፈልገው ሰው እጁ የደከመ ሰው ነው፤ ውክልናውን ተቀባይነት የሚያሳጣው ደግሞ ያው የእጁ ድካም ነው! መፍትሔው ግን አለ፤ ወካዩ የሚገኝበትን ስልክ ደብዳቤው ላይ መጻፍና ባንኩ ደውሎ እንዲያረጋግጥ መፍቀድ ይረዳል፤ ፊርማው ጨርሶ የተለወጠ ከሆነም ናሙናው እንዲታደስ ማመልከት ይሻላል። ገንዘቡ ከፍ ያለ ወይም ሥራው የሚደጋገም ሲሆን ደግሞ ብዙ ባንኮች ተራ ደብዳቤ አይቀበሉም፤ ሥልጣን ባለው አካል ፊት የተረጋገጠ የውክልና ሰነድ ወይም የራሳቸውን ቅጽ ይጠይቃሉ። ይህን አስቀድሞ መጠየቅ አንድ ስልክ ነው፤ ዘመዶቼ ግን እኔ ላይ እንጂ ባንክ ላይ መደወል አይሆንላቸውም።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ካርዱንና የሚስጥር ቁጥሩን ለልጁ ቢሰጡት አይበቃም?» የሚል ብልጥ ከየቤቱ አይጠፋም። ብልጠቱ የሚያበቃው ገንዘቡ የጎደለ ቀን ነው። በውክልና ደብዳቤ የወጣ ገንዘብ የማን እጅ እንደገባ ፊርማ ይመሰክራል። በተሰጠ ካርድ የወጣውን ግን ባንኩ ባለቤቱ ራሱ እንዳወጣው ይቆጥረዋል፤ የሚስጥር ቁጥሩን አሳልፎ የሰጠም ሰው ብዙውን ጊዜ ከባንኩ ጋር የገባውን ውል ራሱ አፍርሷል።

የአበውን ተረት ስወድ «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» የሚለውን ያህል የምወደው የለኝም። በዚህ ጉዳይ ግን ሕጉና ተረቱ ተቃራኒ መንገድ ይዘዋል። ተራ ውክልና የሚሠራው ወካዩ በሕይወት እስካለ ድረስ ነው፤ ሲሞት ሥልጣኑም አብሮት ይሞታል። ተረቱ ከቀብር በኋላ እመን ሲል፣ ሕጉ ደግሞ እስከ ሞት ብቻ እመን ይላል። ይህን የማያውቁ፣ ወይም አሳምረው የሚያውቁ ዘመዶች አሉ፤ ሟች ከመቀበሩ በፊት፣ ወሬው ባንክ ሳይደርስ፣ አሮጌ ደብዳቤ ይዘው ሰልፍ የሚገቡ። «ለቀብር ማስፈጸሚያ ነው» ይላሉ፤ አንዳንዴም እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ገንዘቡ የወራሾች ነው፤ ወራሾቹም ሲጣሉ መጀመሪያ የሚያስመጡት የሂሳብ መግለጫውን ነው። እዚያ ላይ ገንዘቡ የወጣበት ቀን አለ፤ በሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ ደግሞ ሌላ ቀን አለ። እነዚህን ሁለት ቀኖች ማስተያየት ጠበቃ አያስፈልገውም። በሕይወት ያለም ወካይ ቢሆን፣ ደብዳቤውን ቤቱ ተቀምጦ በመቅደድ ውክልናውን አልሻረም፤ መሻሩን ለባንኩ በጽሑፍ እስካላሳወቀ ድረስ ከፋዩ ምን አውቆ ይከለክላል?

ለዚህ ነው ማብቂያ ቀን የሌለው ደብዳቤ የማልጽፈው፤ የገንዘቡን ልክ ባዶ ትቶ «በኋላ እንሞላዋለን» ለሚል ዘመድማ ብዕርም አላወጣም። ሁለት መስመር ወዳለው ልጅ ልመለስና፣ የቼኩ ገንዘብ ተጣርቶ ሲገባ ለቅርንጫፉ የሚሆነውን ደብዳቤ አሥራ ሁለት መስመር አድርጌ ጻፍኩለት፤ የሚያገለግለውም ለአንድ ጊዜ ብቻ ሆኖ በወሩ መጨረሻ እንዲያበቃ አደረግሁ። አክስቴ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ማብቂያ ቀኑ ላይ ሲደርሱ ብዕሩን አስቀምጠው ቀና አሉና፣ «የተሰበረው እግሬ ነው እንጂ፣ ማን ነው በወሩ መጨረሻ ትሞታለች ያለህ?» ብለው አፈጠጡብኝ።