የራጅ ሪፖርት «አይቻልም» ብሎ ማብቃት የለበትም

«ዶክተር፣ የአባቴ የደረት ራጅ ወረቀት መጨረሻው ላይ ቲቢን ‹ካንኖት ኤክስክሉድ› ይላል። ቲቢ ተገኘበት ማለት ነው?»

አይደለም። «ካንኖት ኤክስክሉድ» ማለት «የለም ብሎ ማስወገድ አይቻልም» ማለት ነው። ጠያቂው አባቱን ለማሳከም ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን የመጣ ወጣት ነው። ወረቀቱን ያነበበለት ሰው «ቲቢ» የምትለውን ብቻ ነጥሎ ነግሮት ነበር።

«ፋይንዲንግስ» በሚለው ክፍል የሚጻፈው ፊልሙ ላይ የታየው ሁሉ ነው፤ ደህና የሆነውም ጭምር። «ኢምፕሬሽን» ግን አንባቢው ሐኪም ከታየው ተነስቶ የደረሰበት ግምት ስለሆነ ቀድሞ መነበብ ያለበት እሱ ነው። የአባትየው ፋይንዲንግስ በቀኝ ሳንባ ጫፍ ላይ መስመር መስመር የሠራ ነጭ ጥላ፣ የካልሲየም ነጠብጣብ እና ወደ ላይ የተሳበ የሳንባ ሥር መታየቱን፣ ጉድጓድም ፈሳሽም አለመኖሩን ይናገራል። ጠባሳ ሲቆይ ይኮማተርና አጠገቡ ያለውን ይስባል፤ ካልሲየምም የሚከማቸው ውሎ አድሮ ነው። ስለዚህ ኢምፕሬሽኑ «የቆየ የቲቢ ጠባሳ ሳይሆን አይቀርም» ካለ በኋላ «ንቁ ቲቢን ግን ማስወገድ አይቻልም» ይላል።

የመጀመሪያው ሐረግ ሐኪሙ የሚያምንበት ነው፤ ሁለተኛው የፊልሙን አቅም ይናገራል። አንድ ፊልም የአንድ ቅጽበት ምስል ነው፤ በጠባሳው ውስጥ ባክቴሪያው እየተራባ ይሁን አይሁን አያሳይም። «ሳይሆን አይቀርም» ጠንከር ያለ ግምት ነው፣ «ሊሆን ይችላል» ከዚያ ይላላል፣ «ማስወገድ አይቻልም» ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሁሉም የላላው ነው።

ቅር የሚለኝ ሪፖርቱ እዚያ ላይ መቆሙ ነው። ጥርጣሬ የጻፈ ሐኪም ጥርጣሬው በምን እንደሚጠራም የመጻፍ ግዴታ አለበት ብዬ አምናለሁ። እዚህ ላይ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው በአክታ ውስጥ የቲቢ ባክቴሪያን ዘረመል የሚፈልገው ጂን ኤክስፐርት የተባለው ምርመራ ነው፤ መሣሪያው በ2 ሰዓት ገደማ ውጤት ይሰጣል። ሁለተኛው የድሮውን ፊልም ፈልጎ ማስተያየት ነው፤ ጥላው 6 ወርና ከዚያ በላይ ሳይለወጥ ከቆየ የዳነ ጠባሳ የመሆኑ ነገር ይጠነክራል፤ ሳል፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለ ግን አክታው የግድ ነው።

ጥፋቱ ፊልሙን ያነበበው ሐኪም ብቻ አይደለም። የአባትየው የራጅ መጠየቂያ ላይ የተጻፈው «ሳል» ብቻ ነው። ከዓመታት በፊት የቲቢ መድኃኒት ጨርሰው እንደነበር ልጁ የነገረኝ ስጠይቀው ነው። ይህ ታሪክ የአክታውን ውጤት ለመተርጎምም ያስፈልጋል፤ በተለይ ሕክምና ከጨረሱ ጥቂት ዓመት ብቻ የሆናቸው ሰዎች ላይ ጂን ኤክስፐርት የሞተውን ባክቴሪያ ቅሪት አግኝቶ «ቲቢ አለ» ሊል ይችላል። እንዲህ ያለው ውጤት በአክታ ካልቸር፣ ማለትም ሕያው ባክቴሪያን በላብራቶሪ በማሳደግ፣ መረጋገጥ ይኖርበታል።

እኔ ብሆን ኢምፕሬሽኑን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «የቆየ የቲቢ ጠባሳ ሳይሆን አይቀርም። ሳል ስላለ አክታ በጂን ኤክስፐርት ይታይ፤ የቀድሞ ፊልም ካለ ይምጣና ይነጻጸር።»